“ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይበላል”፤ አንዲት የባዮሎጂ ጥያቄ ሦስቴ ስትጻፍ

የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነበር። አርባ ምርጫ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ አራት አማራጭ፤ ያዘጋጀሁት እኔ። ወረቀቱ እንደማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ግን ጥያቄዎቹን በአማርኛ መልሼ ነው የማቀርባቸው። 148 ተማሪዎች ተፈተኑ። አርሜ ስጨርስ በጣም ከኮራሁባቸው ጥያቄዎች አንዷ 14ኛዋ ነበረች፤ 127 ተማሪዎች መልሰዋታል። ተክሎች ቀንም ሌሊትም ሬስፒሬሽን እንደሚያካሂዱ፣ ማለትም በሴሎቻቸው ውስጥ ምግብን ሰብረው ኃይል እንደሚያወጡ፣ ለማስተማር ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለፈጀሁበት የድካሜን ዋጋ ያገኘሁ መሰለኝ።

ጥያቄዋ ይህች ናት።

አረንጓዴ ተክል ሬስፒሬሽን የሚያካሂደው መቼ ነው?
ሀ. ቀን ብቻ
ለ. ሌሊት ብቻ
ሐ. ቀንም ሌሊትም፣ ምክንያቱም ሕያው የሆኑ ሴሎቹ ሁልጊዜ ኃይል ይፈልጋሉ
መ. ተክል ሬስፒሬሽን አያካሂድም

ደስታዬን ያቀዘቀዙት በዲፓርትመንታችን አንጋፋ የሆኑ፣ ሁላችንም “ጋሼ” የምንላቸው መምህር ናቸው። ወረቀቱን በመምህራን ማረፊያ ክፍል አየት አደረጉና፣ “አንተ ልጅ፣ ይቺን እኮ ታሪክ አስተማሪውም ይመልሳታል” አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የጥያቄውን መነሻ በእጃቸው ሸፍነው፣ አራቱን አማራጭ ብቻ ለታሪክ መምህራችን አሳዩት። እሱም ቡናውን እየጠጣ “ሐ” አለ። እንዴት እንዳወቀ ብጠይቀው፣ “ረጅሟ እሷ ናት፤ ደግሞ ምክንያት ያላት እሷ ብቻ ናት” አለኝ። በዚሁ መንገድ ሌሎች አምስት ጥያቄዎቼን አሳዩትና ሦስቱን አገኘ።

ያን ቀን ማታ የመልስ ወረቀቶቹን እንደገና አወጣሁ። እስከዚያ ድረስ የማየው ስንት ሰው እንደመለሰ ብቻ ነበር፤ ያልመለሱት የት እንደሄዱ ቆጥሬ አላውቅም። ስቆጥር ሀ 6፣ ለ 13፣ መ 2 ሆኑ። መ ለ148 ሰው የቀረበ ምርጫ ሆኖ ሁለት ሰው ብቻ ወሰደ ማለት በወረቀቱ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም ማለት ነው። በፈተና ዝግጅት ከመቶ አምስት እጅ ያህል ተፈታኝ እንኳን ያልሳበ አሳሳች አማራጭ እንደሌለ ይቆጠራል። ሀም 4 በመቶ ገደማ ነው፤ እሱም አልሠራም። እንግዲህ ጥያቄዬ ባለ አራት አማራጭ ትምሰል እንጂ ባለ ሁለት ነበረች፤ ከሁለቱም አንዷ መልሷን ራሷ ትናገራለች።

ቀጥዬ ወረቀቶቹን በጠቅላላ ውጤት ቅደም ተከተል ደርድሬ ከላይ 40 ከታች 40 ለየሁ። ይህ ከተፈታኙ 27 በመቶ ያህሉ ነው፤ ቁጥሩን ትሩማን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1939 ካሳየ ወዲህ የፈተና ሰዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከላይና ከታች የምትወስደው ቁጥር ሲያንስ ልዩነቱ ይጎላል፤ የምትቆጥረው ሰው ግን ያንስብሃል፤ 27 በመቶ ላይ ሁለቱ ይታረቃሉ። ከላይኞቹ 38፣ ከታችኞቹ 31 መልሰዋል። ልዩነቱን ለ40 ሲያካፍሉት 0.18 ገደማ ይመጣል። ይህ የጥያቄው የመለየት አቅም ነው፤ 0.3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥሩ፣ ከ0.2 ሲያንስ ደካማ ይባላል። እርግጥ ሁሉም በእውነት ያወቀው ነገር ላይም ቁጥሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ብቻ ጥያቄዋ መጥፎ ናት ማለት አይቻልም። ማወቅ የነበረብኝ ልጆቹ ትምህርቱን ማወቃቸውን ወይስ ረጅሟን መምረጣቸውን ነው።

ስለዚህ ከአራቱ ክፍሎች በሁለቱ ግማሽ ወረቀት አድዬ፣ ስም ሳይጽፉና ያለ ማርክ፣ አንድ ነገር እንዲመልሱ ጠየቅኋቸው፦ “ፀሐይ ላይ ባለ ለምለም ቅጠል ውስጥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሬስፒሬሽን ይካሄዳል? ለምን?” 74 ወረቀት ተመለሰ። በደንብ የመለሱት 9 ነበሩ። አራቱ ባዶ ወይም የማይነበብ። የቀሩት 61 ግን ሀብት ነበሩ።

41ዱ ሬስፒሬሽን የሌሊት ሥራ ነው ብለዋል። አንዱ የጻፈውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ “ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይበላል” ይላል። በአንዲት መስመር ስህተቱን ከነምክንያቱ አስቀምጦታል። ፎቶሲንተሲስ ምግብ መሥራት፣ ሬስፒሬሽን ምግቡን መጠቀም መሆኑን ልጁ ያውቃል፤ ያጠፋው የሁለቱን ሰዓት በመለየቱ ነው። እንደ ገበሬ ቀን ውሎ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባ ተክል ነው የሳለው። ሌሎች 12ቱ ደግሞ ቅጠሉ ቀን ላይ “ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ያስወጣል” ብለው ይህንኑ ሬስፒሬሽን ብለውታል። የዚህ ምንጭ አማርኛችን ይመስለኛል፤ መተንፈስ ስንል አየር ማስገባትና ማስወጣት ነው፣ ተክል የሚያስገባው አየር ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ተብሎ ከሕፃንነት ጀምሮ ተነግሮናል። ስለዚህ ለልጁ ፎቶሲንተሲስ የተክል አተነፋፈስ ሆነ። በሴል ውስጥ ምግብን ሰብሮ ኃይል ማውጣት ከሳንባ ሥራ ሌላ መሆኑን አላየም። የቀሩት 8 ሬስፒሬሽን በሥር በኩል፣ ፎቶሲንተሲስ በቅጠል በኩል ነው ብለው ሥራውን አከፋፍለዋል።

አሳሳች አማራጭ ስጽፍ ለዓመታት የማደርገው ሌላ ነበር። መልሱን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ጣራ ጣራ እያየሁ ሦስት ውሸት እፈልጋለሁ። ሁለቱ ይመጣሉ፤ ሦስተኛው እምቢ ሲል “ተክል ሬስፒሬሽን አያካሂድም” ዓይነት ነገር ወይም “ሁሉም መልስ ናቸው” እለጥፋለሁ። ግን እኔ የማስበው ውሸት ተማሪው የሚያስበው ስህተት አይደለም። ስህተቱን ልጁ ራሱ ሲጽፈው የራሱ አመክንዮ አለው፤ እኔ ስፈጥረው አመክንዮ የለውም፤ ያልተማረ ልጅ እንኳን ያሸተዋል።

ሁለተኛዋን ጥያቄ ከእነዚህ ወረቀቶች ሠራኋት። “መቼ” ብሎ መጠየቅ “ሁልጊዜ” የሚለውን ስለሚጎትት መነሻውን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድኩት። የሃይድሮጅን ካርቦኔት ኢንዲኬተር አለ፤ ከውጭ አየር ጋር ሲመጣጠን ቀይ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛበት ቢጫ፣ ሲቀንስበት ሐምራዊ የሚሆን ፈሳሽ። ሙከራውን ልጆቹ ሠርተውታል፤ መጀመሪያ የያዙት ቱቦ ሁሉ ቢጫ ሆኖባቸው ነበር፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ አፋቸውን አስጠግተው ሲያዩ ትንፋሻቸው ገብቶበት። ጥያቄዋ እንዲህ ሆነች።

የአንድ የውኃ ተክል ቅርንጫፍ ቀይ የሃይድሮጅን ካርቦኔት ኢንዲኬተር ባለበት ዝግ ቱቦ ውስጥ ተጨምሮ ደማቅ ብርሃን ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፈሳሹ ሐምራዊ ሆነ። በተክሉ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው?
ሀ. ፎቶሲንተሲስ
ለ. ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባ ሬስፒሬሽን
ሐ. በቅጠሉ ፎቶሲንተሲስ፣ በሥሩ ሬስፒሬሽን
መ. ሬስፒሬሽንና ከእሱ የፈጠነ ፎቶሲንተሲስ

በሌላው ፈረቃ ላሉ ሦስት ክፍሎች፣ 111 ተማሪዎች፣ በክፍል ሙከራ ሰጠኋት። አሁን እንኳን አገኘኋት ብዬ ነበር። ውጤቱ ሀ 48፣ ለ 17፣ ሐ 5፣ መ 41 ሆነ። ከመልሱ ይልቅ አሳሳቹ ብዙ ሰው መውሰዱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጥያቄው ከባድ ሊሆን ይችላል። ክፉው ማን እንደወሰደው ስቆጥር ነው የወጣው። ከላይኞቹ 30 ተማሪዎች 17ቱ ሀን መርጠዋል፣ ከታችኞቹ 30 ደግሞ 9ኙ። መልሱን መን ከላይም 11፣ ከታችም 11 አግኝተውታል። የመለየት አቅሟ ባዶ! ጎበዞቹ በብዛት የሚገቡበት ጉድጓድ ቆፍሬ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የመልስ ቁልፉ ነው፤ ስቀዳ ሀን መ ብዬ ይሆን ብዬ አየሁ። አልነበረም። ከላይኞቹ አምስቱን ጠርቼ እንዴት እንደመረጡ ጮክ ብለው እንዲያስቡልኝ ጠየቅሁ። አንዷ ያለችው ሁሉንም ነገረኝ፤ “መምህር፣ ሐምራዊ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሷል፣ ስለዚህ ፎቶሲንተሲስ አለ። ሀ ስህተቷ ምኑ ላይ ነው?” የምመልስላት አልነበረኝም። ሀ እውነት ናት! ያልተሟላች እውነት ናት እንጂ ውሸት አይደለችም። በልቤ “ፎቶሲንተሲስ ብቻ” እያልኩ በወረቀት ላይ “ፎቶሲንተሲስ” ብዬ ጽፌያለሁ። “ብቻ” የምትለዋን ቃል የተውኩት ሆን ብዬ ነበር፤ ብቻ፣ ፈጽሞ፣ ሁልጊዜ የሚሉ ቃላት ስህተትን ያሳብቃሉ ሲባል ሰምቼ። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ቃሉን ነቅሎ ቦታውን ባዶ መተው አማራጩን ከስህተት ወደ እውነት እንደሚያሻግረው አላሰብኩም። ሀን ለመረጡ ሁሉ ማርኩን ሰጠሁ። ጥያቄ ከተበላሸ በኋላ የሚቀር ሐቀኛ መንገድ ሌላ የለም።

የሐ ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ከልጆቹ ወረቀት የተገኘ እውነተኛ ስህተት ነው፤ ስምንት ሰው በእጁ ጽፎታል። ታዲያ ለምን ከ111 አምስት ሰው ብቻ ወሰደው? ጋሼ አንብበው ሳይጨርሱ ገባቸው፤ “ቅርንጫፍ ቆርጠህ ቱቦ ውስጥ ከተህ ሥሩን ከየት ያመጡልሃል?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስህተቱ በልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ አለ፣ ግን ይህ መነሻ አይጠራውም። በቤተ ሙከራ ያዩት ቅርንጫፍ ሥር ስለሌለው ያንን የሚያምነው ልጅ እንኳን እዚህ ላይ አይመርጠውም። ለካ አሳሳች አማራጭ ከተማሪ መገኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ በመነሻው ላይ በተቀመጠው ሁኔታ ውስጥ ልጁ ወደዚያ ስህተት የሚሄድበት መንገድ ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛዋን ለመጻፍ እስከ ተከታዩ ዓመት ፈተና ድረስ ጊዜ ነበረኝ፤ ግን የፈጀችው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ የወሰንኩት ምን እንደምለካ ነበር። የኢንዲኬተሩን ቀለም ማስታወስ ሌላ፣ ሁለቱ ሂደቶች አንድ ላይ እንደሚካሄዱ ማወቅ ሌላ ነው። ቀለሙን የረሳ ልጅ ሁለተኛውን እያወቀ እንዳይወድቅብኝ የቀለሙን ትርጉም በመነሻው ላይ ሰጠሁ። ከዚያ አማራጮቹን ሁለት በሁለት አቆምኳቸው፤ ሁለቱ አንድ ሂደት ብቻ አለ የሚሉ፣ ሁለቱ ሁለቱም አሉ የሚሉ። እንዲህ ካልሆነ ለየት ያለችዋ አማራጭ መልሱን ትጠቁማለች። ርዝመታቸውንም አስተካከልኩ።

የአንድ የውኃ ተክል ቅርንጫፍ ቀይ የሃይድሮጅን ካርቦኔት ኢንዲኬተር ባለበት ዝግ ቱቦ ውስጥ ተጨምሮ ደማቅ ብርሃን ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፈሳሹ ሐምራዊ ሆነ፤ ይህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነሱን ያሳያል። ፈሳሹ ቀለም በሚለውጥበት ጊዜ በተክሉ ሴሎች ውስጥ ስለሚካሄደው ትክክል የሆነው የቱ ነው?
ሀ. ፎቶሲንተሲስ ይካሄዳል፤ ሬስፒሬሽን ጨለማ እስኪሆን ቆሟል።
ለ. ሬስፒሬሽን ይካሄዳል፤ ፎቶሲንተሲስ ገና አልጀመረም።
ሐ. ሁለቱም ይካሄዳሉ፤ ሬስፒሬሽን ከፎቶሲንተሲስ ይፈጥናል።
መ. ሁለቱም ይካሄዳሉ፤ ፎቶሲንተሲስ ከሬስፒሬሽን ይፈጥናል።

ሀ የ“ሌሊት ይበላል” ልጆች ናት፤ ሁለተኛው ሐረጓ ስህተቱን በግልጽ ስለያዘ አሁን እውነት ልትሆን አትችልም። ለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውሰድን ሬስፒሬሽን ለሚለው ናት። ሐን ከወረቀቶቹ በቀጥታ አላገኘኋትም፤ ሁለቱም አብረው መኖራቸውን ሰምቶ የትኛው ጋዙን እንደሚወስድ፣ የትኛው እንደሚያወጣ የሚያምታታ ልጅ እንደሚኖር ገምቼ ነው። ከአራቱ በጣም ያልተማመንኩባት እሷ ነበረች። ብትወድቅ አውጥቼ በሦስት አማራጭ ልተዋት አስቤ ነበር። አራት የሚለው የዲፓርትመንታችን ደንብ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ማይክል ሮድሪጌዝ በ2005 የሰማንያ ዓመት ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ ለአብዛኛው ጥያቄ ሦስት አማራጭ እንደሚበቃ ነው ያገኘው። አራተኛውን ለመሙላት ተብሎ የሚገባው አማራጭ ብዙ ጊዜ እንደኔ የመጀመሪያ መ ያለ ነውና።

በተከታዩ ዓመት 142 ተማሪዎች ተፈተኗት። መልሱን መን 63 አገኙት፤ ሀን 46፣ ለን 14፣ ሐን 19 ወሰዱ። ሁሉም አሳሳቾች ሠርተዋል፤ የተጠራጠርኳት ሐ እንኳን 13 በመቶ ያህል ሳበች። ከላይኞቹ 38 ተማሪዎች 28ቱ መልሰዋል፣ ከታችኞቹ 38 ደግሞ 9ኙ፤ የመለየት አቅሟ 0.5 ሆነ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት ይህን 9 ነው። አራት አማራጭ ላይ ዝም ብሎ የሚገምት ሰው ከአራት አንዴ ያገኛል፤ የ38 ሩብ ዘጠኝ ተኩል ነው። የታችኞቹ ቡድን እንግዲህ በግምት ከሚገኘው በላይ አላገኘም። በመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ ከታችኞቹ 40 ሰዎች 31 መልሰው እንደነበር አስታውሱ። ሁለቱ የተለያዩ ዓመት ልጆች ናቸው፣ ስለዚህ አንዱን ከአንዱ ቀንሼ ይህን ያህል ያሳበቀው የአማራጭ ርዝመት ነው አልልም፤ ግን በዚያ ዓመት ያንን 86 በመቶ ይዤ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ማለፌ ያሳፍረኛል።

0.5ቱን ራሱ ብዙ አላመልከውም። 38 ሰው ጥቂት ነው፤ ከላይ ሦስት ልጅ መልሱን ቢስት፣ ከታች ሦስት ልጅ በዕድል ቢያገኘው ቁጥሩ 0.34 ይሆናል። የቁጥሩ ጥቅም የታመመች ጥያቄን መጠቆሙ ነው፤ በሽታው ምን እንደሆነ የነገረኝ ያችን ልጅ ጠርቼ መስማቴ ነው።

የማርኩ ነገር አከራክሮናል። ርእሰ መምህሩ 44 በመቶ ብቻ የመለሰውን ጥያቄ ለምን እንደያዝኩ ጠየቁ፤ ክፍሉ ሲወድቅ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። ያልኳቸው ልጆቹ ከዚህ በፊትም እንደማያውቁት፣ አሁን ግን የማያውቁት ነገር ከነስሙ እንደታወቀ ነው። ሀን የመረጡት 46ቱ አንድ ዓይነት ችግር ስላለባቸው ለእነሱ አንድ ትምህርት ይበቃል። ከቱቦዎቹ አንዱን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለን፣ አንዱን ያለ ተክል ብርሃን ላይ ትተን አሳየናቸው። የተጠቀለለው ቢጫ፣ ባዶው ቀይ ሆኖ ሲያዩ አንዱ “እሺ፣ ጨለማ ውስጥ ሬስፒሬሽን አለ፤ ግን ብርሃን ላይ እንዳልቆመ በምን አወቅን?” አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሙከራው ብቻውን አይመልሰውም። ቅጠሉ ውስጥ ብርሃን የማያገኙ፣ አረንጓዴም ያልሆኑ ሴሎች እንዳሉ፣ እነሱ ቀን ላይ ኃይል ከየት እንደሚያገኙ እየጠየቅን ነው የደረስንበት።

ጥያቄዋን ዘንድሮ እንደገና ማውጣት አልችልም። ያለፈው ዓመት ተማሪዎች በደብተራቸው ገልብጠዋታል፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱም እንዳላት እጠረጥራለሁ። ጥያቄዋን የያዝኩባት ካርድ ጀርባ ላይ እያንዳንዱ አማራጭ የትኛውን ስህተት እንደሚይዝ ጽፌ አስቀምጬያለሁ፤ ካርዱ ካለ እህቷን መጻፍ ቀላል ነው። የአሁኗ ረቂቅ ላይ የቀየርኩት ብርሃኑን ነው። ቱቦው ደብዛዛ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ፈሳሹ ከሰዓታት በኋላም ቀይ እንደሆነ ይቀራል። መልሱ ሁለቱም ሂደቶች በእኩል ፍጥነት ይካሄዳሉ የሚል ነው። አሳሳቾቹን ለመልቀም መነሻዋን ብቻ ጽፌ፣ ያለ አማራጭ፣ ለአንድ ክፍል ሰጥቼ ነበር። ከ36 ልጆች 20ው “ቀለም ካልተለወጠ ምንም አልተካሄደም” ብለዋል። እኔ ጣራ ጣራ እያየሁ ብውል እንዲህ ያለች አሳሳች አትመጣልኝም ነበር። ረቂቁ አሁን ጋሼ ዘንድ ነው፤ ለታሪክ መምህሩ መነሻውን ሸፍነው እስኪያሳዩት እየጠበቅሁ ነው።